«ሰው ልሁን ብዬ» ወይስ «ኢኮኖሚያዊ ምክንያት»?

ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ገና ከበር ሲገባ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ ለየቅል መሆናቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጭብጡ ፍቅር ነው ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ፣ «እና ስለ ፍቅር ምን አለ?» የሚል የመምህር ጥያቄ ይከተለዋል። ሰውን በትውልዱ የሚመዝን ሥርዓት አፍቃሪዎቹን ብቻ ሳይሆን የሥርዓቱን ጠባቂዎች ጭምር ይዞ ይወድቃል ቢል፣ ይህ ጭብጥ ነው። ሊቀበሉትም ሊሟገቱትም ይቻላል። «ፍቅር» ከሚለው ቃል ጋር ግን ማን ይሟገታል?

ይህ ቀላል ልዩነት የሥነ ጽሑፍ ክፍሉን ግድግዳ ተሻግሮ ወደ ሶሲዮሎጂው የገባ አይመስልም። ይህ ጸሐፊ ከዐረብ አገር ስለተመለሱ ሴቶች በደሴና በኮምቦልቻ የተሠሩ ጥቂት የመመረቂያ ጥናቶችን የማንበብ ዕድል ገጥሞታል። የማንንም ስም አላነሣም፤ ጸሐፊዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጥፋቱም የእነርሱ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ግን ከባድ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ወሎ ከዚያ ሕዝብ የራሱን ድርሻ ተቀብሏል። በየቤቱ ታሪክ አለ። ተማሪዎቹም ታሪኩን ለመስማት ደክመዋል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ወርደው፣ አቀበቱን ተመልሰው፣ የሰው ቤት ደጅ ጠንተው ቀድተዋል። ምዕራፍ አራት ላይ ሲደረስ ግን የሚገኘው ይህ ነው፦ «ኢኮኖሚያዊ ምክንያቶች»፣ «ማኅበራዊ ምክንያቶች»፣ «የገጠሙ ችግሮች»፣ «የመቋቋሚያ መንገዶች»። በእያንዳንዱ ሥር ሦስት ሦስት ጥቅስ ተደርድሯል። እነዚህ ርእሰ ጉዳዮች ናቸው። ጭብጥ የለም።

ከየት እንደመጡ ለማወቅ የጥናቱን አባሪ መግለጥ ይበቃል። የቃለ መጠይቁ መመሪያ እዚያ አለ፦ ለምን ሄድሽ? ምን ችግር ገጠመሽ? እንዴት ተቋቋምሽው? ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተላቸው ሳይዛባ «ጭብጦች» ሆነው ተመልሰዋል። ይህ ከሆነ ቃለ መጠይቁ ባይደረግም አርእስቶቹ ያው ነበሩ ማለት ነው። እኔ አንድን ጥናት ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ አባሪውንና ምዕራፍ አራትን ጎን ለጎን አድርጌ አነባለሁ።

የሚገርመው ሁሉም ጥናቶች አንድ ምንጭ መጥቀሳቸው ነው። ቨርጂኒያ ብራውን የተባሉት የኒውዚላንድና ቪክቶሪያ ክላርክ የተባሉት የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ምሁራን በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። በዚያ ጽሑፍ ከቃለ መጠይቅ ወደ ጭብጥ የሚወስደውን መንገድ በስድስት ደረጃ ከፋፈሉት፦ ደጋግሞ ማንበብ፣ ለየንግግሩ ቁራጭ አጭር መጠሪያ ወይም ኮድ መስጠት፣ ኮዶችን አሰባስቦ ጭብጥ መፈለግ፣ የተገኘውን መልሶ መፈተሽ፣ ጭብጡን በግልጽ መበየን፣ በመጨረሻም መጻፍ። ተማሪዎቻችን ስድስቱን ደረጃዎች በምዕራፍ ሦስት በትክክል ይገለብጣሉ። ሁለቱ ሴቶች ግን ከዚያ ወዲህ በተከታታይ ጽሑፎች ሲያማርሩ የኖሩት በእንዲህ ዓይነቱ አጠቃቀም ነው። የርእሰ ጉዳይ ማጠቃለያ ጭብጥ አይደለም ብለዋል፤ «ጭብጦች ብቅ አሉ» የሚለውን አነጋገርም አጥብቀው ተቃውመዋል። ጭብጥ ክረምት ሲመጣ ከመሬት እንደሚፈላ እንጉዳይ አይደለም። ሰው ነው የሚሠራው፤ የሠራውም ሰው ይጠየቅበታል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ንግግር የአንዲት ሴት ቃል አይደለም። የሰው ምሥጢር በመጽሔት ላይ ስለማይዘረገፍ፣ በአካባቢው የሚሰማውን አነጋገር ይዤ ለማሳያ ያሰናዳሁት ነው። ተማሪዋ 14 ሴቶችን አነጋግራለች እንበል፤ ይህቺ ስድስተኛዋ ናት።

«ያው ሰው ልሁን ብዬ ነው የሄድኩት። አባቴ አንድ በሬ ሸጠ። እናቴ አልፈለገችም ነበር፤ ኋላ የጎረቤቶቻችንን ቆርቆሮ አየችና ዝም አለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሥራው ደህና ነበር። ሦስት ዓመት ላኩ። ቤቱ ተሠራ። ስመጣ ወንድሜ አግብቶ ገብቶበታል። ምን እላለሁ? የእኔ ነው አልልም፣ የቤተሰብ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ተከራይቼ ነው ያለሁት። ደግሞ ልሄድ እያሰብኩ ነው።»

የመጀመሪያው አደጋ የሚደርሰው ኮድ ገና ሳይጀመር፣ ድምፁ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ነው። «ላኩ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሴትየዋ «ኩ»ን አጥብቃ ብላዋለች፤ ላኪዋ እርሷ ናት። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። በወረቀት ላይ ቃሉን ያገኘ ሌላ ሰው አላልቶ ቢያነበው «እነርሱ ላኩ» ይሆናል፤ ገንዘቡን የላኩት አሠሪዎቹ ወይም ዘመዶቿ ይመስሉታል። በተለይ የሚገለብጠው አንዱ፣ ኮድ የሚሰጠው ሌላው ሲሆን ስሕተቱ አይታወቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ላክሁ» ብሎ መጻፍ፣ አጠራጣሪ ቦታ ሁሉ ላይ የድምፁን ደቂቃ በጠርዝ ማስፈርና ተመልሶ ማዳመጥ። «ያኔ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በደሴ ሰው አፍ «ያኔ» የ77ቱ ረሃብ ሊሆን ይችላል፤ የ2006ቱ ምለሳ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው የቆዩበት ጊዜም ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ለተቀመጠው ጠያቂ ግልጽ የሆነው ነገር ከስድስት ወር በኋላ ለራሱም ጨለማ ይሆንበታል።

ሁለተኛው አደጋ ትርጉም ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ተማሪዎቹ 14ቱንም ቃለ መጠይቆች አስቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱና ኮዱን የሚሰጡት በትርጉሙ ላይ ነው። «ሰው ልሁን ብዬ» ያኔ «የተሻለ ኑሮ ፍለጋ» ይሆናል። ይህ ደግሞ ወዲያው «ኢኮኖሚያዊ ምክንያት» ተብሎ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። አበቃ። ሰው መሆን በአማርኛ ገንዘብ ማግኘት ብቻ ነው እንዴ? ገንዘብ እያለውም «ሰው አልሆነም» የሚባል አለ። ቃሉ ቁመትን፣ በሰው ፊት መቆጠርን፣ ቃል መሰማትን ይዟል። የትርጉም ሥራው ይህንን ሁሉ አጥቦ ሲያበቃ፣ ተማሪዋ ያገኘችው ከመሄዷ በፊት በሌሎች መጽሐፍ ያነበበችውን ነው። ኮዱ በአማርኛው ላይ መሰጠት አለበት፤ የሚተረጎመው በመጨረሻ ለጥቅስ የተመረጠው ብቻ ነው። ለዚህ ውድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ለ14 ቃለ መጠይቅ ሰፊ ጠርዝ ያለው ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

እንግዲህ በአማርኛው ላይ እንሥራ። ልማደኛው አሠራር ለዚህ ንግግር የሚሰጣቸው ኮዶች እነዚህ ናቸው፦ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት፣ የቤተሰብ ድጋፍ፣ የጎረቤት ተጽዕኖ፣ ጥሩ የሥራ ሁኔታ፣ ሀብት ማፍራት፣ ዳግም ስደት። ሁሉም ስም ናቸው፤ ሁሉም ሣጥን ናቸው፤ የትኛውም ቃለ መጠይቅ ይገባባቸዋል። አሁን በስም ፋንታ ሰው የሚያደርገውን በግስ እንጥራ። «ሰው ልሁን ብዬ» የሚለውን እርሷው እንዳለችው እንተወው፤ የተናጋሪው ቃል ራሱ ኮድ ሊሆን ይችላል። በሬው ሲሸጥ፦ በቤተሰብ ጥሪት መሄድ። እናትየዋ ዝም ስትል፦ በጎረቤት ጣራ ራስን መለካት። «የእኔ ነው አልልም»፦ ባለመብትነትን በይሉኝታ መተው። «ቤቱ ተሠራ»፦ ሠሪውን ሳይጠሩ መናገር። የመጨረሻው ትንሽ የሰዋስው ነገር ይመስላል። ነገር ግን «ላክሁ» ያለች ሴት በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «ሠራሁ» አላለችም። ገንዘቡ የእርሷ ሲሆን ቤቱ ባለቤት የሌለው ግስ ሆነ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሥራው ደህና ነበር» የሚለው ላይ ጥቂት እንቆይ። «ጥሩ የሥራ ሁኔታ» ብሎ ኮድ መስጠት ወሎን አለማወቅ ነው። ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ፣ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ የታመመውም ያዘነውም እንዲሁ ነው። ምስጋናው ለፈጣሪ የሚሰጥ እንጂ ስለ አሠሪዋ የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ አዋቂ ነኝ ባዩ ተመራማሪ ከምስጋናው ጀርባ ሁልጊዜ የተደበቀ ግፍ አለ ብሎ ቢደመድም እርሱም ከአፏ ያልወጣውን እያስወጣ ነው። ሥራው እውነትም ደህና ሊሆን ይችላል። መለየት የሚቻለው ከምስጋናው ቀጥሎ የመጣውን በማየት ነው። ይህቺ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራችውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግታ ወደ ቤቱ ጉዳይ ሄደች። ልንመዘግብ የምንችለው ይህን ብቻ ነው፦ ምስጋና አስቀድሞ ጨዋታ መዝጋት። የተዘጋውን ለመክፈት ጠያቂዋ እዚያው «እስቲ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምን ትሠሪ እንደነበር አጫውችኝ» ማለት ነበረባት። ካላለች ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ በኮድ አይሞላም።

አሁን ወደ ጭብጡ። ተማሪዋ ኮዶቹን ስትደራርብ የሚከተለው ሐሳብ መጣላት እንበል፦ ሴቶቹ ሰው የሚሆኑት ገንዘብ በማግኘታቸው ሳይሆን ገንዘቡ ያቆመው ነገር በስማቸው ሲሆን ነው፤ ካልሆነ ተመልሰው ይሄዳሉ። ይህ ጭብጥ ለመሆን ይበቃል፤ ምክንያቱም ሊሳሳት ይችላል። «ኢኮኖሚያዊ ምክንያት» የሚለው ግን መቼም አይሳሳትም፤ ድክመቱም ይኸው ነው።

ሊሳሳት የሚችል ነገር ከተገኘ ቀጣዩ ሥራ ማሳሳት ነው። ተማሪዋ 14ቱን ወረቀቶች እንደገና አንሥታ ሐሳቧን የሚያፈርስ ሰው ትፈልጋለች። ብዙዎቹ ጥናቶች እዚህ ጋ ይሰንፋሉ፤ የሚደግፈውን ጥቅስ ለቅመው ያቆማሉ። እንበልና ዘጠነኛዋ ሴት ቤቱ በአባቷ ስም ነው፤ ወንድሟም ይኖርበታል። ይሁን እንጂ የመሄድ ሐሳብ የላትም። ለምን? ንግግሯ ሲነበብ «እኔ ሳልጠየቅ በሬም አይሸጥ፣ ልጅም አይዳር» ትላለች። አሥራ ሁለተኛዋ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ በስሟ ቤት አላት፤ ነገር ግን «ብር ሲያንስ ነው የምታወስ» ብላ ፓስፖርቷን እያሳደሰች ነው። ሐሳቡ ፈረሰ። በስም መሆን አለመሆኑ አይደለም ልዩነቱን ያመጣው።

ሁለቱን አፍራሾች ከስድስተኛዋ ጋር አስቀምጠን ስናያቸው ግን የተሻለ ነገር ይወጣል፦ እነዚህ ሴቶች ሰው መሆን የሚሉት በቤታቸው ጉዳይ መጠየቅን ነው፤ ላኪ ሆነው የማይጠየቁ ሲሆኑ የመሄድ ሐሳብ ይመለሳል። አሁን «ቤቱ ተሠራ» የሚለው ባለቤት የሌለው ግስ ቦታውን አገኘ። ሲሠራ አልተጠየቀችም፤ ወንድሟ ሲገባበትም አልተጠየቀችም። የእናቲቱ ዝምታ እንኳ ሌላ መልክ ያዘ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የማይጠየቁት ሁለት ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህኛው ግን ገና ግምት ነው፤ በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ እናቶች እንዴት እንደተነሡ ሳይታይ ወደ ምዕራፍ አራት አይገባም። የአዲሱ ጭብጥ ወሰንም መነገር አለበት። ያነጋገረቻቸው የተመለሱትን ነው፤ እዚያው የቀሩትን አታውቅም። መጠየቅ ስለቀረ ሄዱ ወይስ ሊሄዱ ስለሆነ ነው መጠየቅ የቀረው የሚለውንም 14 ጨዋታ አይፈታውም።

የአጻጻፉ ነገር በጣም ያሳዝናል። የተለመደው ቅርጽ «አብዛኞቹ ተሳታፊዎች እንደገለጹት» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ፣ ከዚያ ሦስት ጥቅስ እንደ ጡብ መደርደር፣ ከዚያ «ከላይ እንደምንረዳው» ብሎ ጥቅሱን በሌላ ቃል መድገም ነው። አንባቢው ያው ነገር አምስት ጊዜ ተነገረው። እኔ በእጄ ነው የምፈትሸው፤ ጥቅሱን በመዳፌ ሸፍኜ ከሥሩ ያለውን ትንታኔ ብቻ አነባለሁ። ትንታኔው ጥቅሱ ያልተናገረውን ካልነገረኝ ጸሐፊው አልሠራም። ቀጥዬ ትንታኔውን ሸፍኜ ጥቅሱን ብቻ አነባለሁ። የተባለው ነገር በጥቅሱ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ጸሐፊው ፈጥሯል።

አሳማኙ አጻጻፍ አንዲት ሴት ይዞ መቆየትን አይፈራም። «ላክሁ» ካለች በኋላ «ተሠራ» ማለቷን ያሳያል፤ ስለ ግሱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ዘጠነኛዋን አምጥቶ ያነጻጽራል፤ አሥራ ሁለተኛዋ ሐሳቡን እንዴት እንዳስለወጠችው ሳይደብቅ ይናገራል። የቀሩት የት እንዳሉም በግልጽ ቃል ያስቀምጣል። «64 ከመቶ» ማለት ከ14 ሰው ዘጠኙን ትልቅ ለማስመሰል ካልሆነ ምን ይጠቅማል? ዘጠኝ ዘጠኝ ነው። አማርኛውም ከትርጉሙ ጎን ይግባ፤ ፈታኙ መምህር «ሰው መሆን»ን በዓይኑ ይየው።

ይህ የማይሞከር ነገር አይደለም፤ እዚሁ አጠገባችን ተሠርቶ አይተነዋል። ደሳለኝ ራሕመቶ ስለ 77ቱ ረሃብ የአምባሰል ገበሬዎችን አጥንተው በ1991 እ.ኤ.አ. ኡፕሳላ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሰ ጉዳዩ ረሃብና መትረፊያ ዘዴ ነው። ርእሰ ጉዳዩ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የዘዴዎች ዝርዝር ይተርፈን ነበር። እሳቸው ግን በዝርዝሩ ውስጥ ቅደም ተከተል እንዳለ ይናገራሉ። ገበሬው አስቀድሞ ጉርሱን ይቀንሳል፤ ጥሪቱን የሚሸጠውም በስሌት ነው፤ ቀዬውን ጥሎ ወደ እርዳታ ጣቢያ የሚያመራው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው። ስለዚህ በመጠለያው ደጅ የታየው ሰው እጁን አጣጥፎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ሞክሮ የጨረሰ ሰው ነበር። ይህን ሊሟገቱት ይቻላል፤ ለዚህም ነው የሚነበበው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የስም መለወጥ ነገር። ጥናቶቹ ሁሉ «ስማቸው ተቀይሯል» ይላሉ፤ በዚህም የተገላገሉ ይመስላቸዋል። በሬ ተሸጦ የሄደች፣ ባሠራችው ቤት ወንድሟ አግብቶ የገባባት፣ ኮምቦልቻ ተከራይታ የምትኖር ሴት ግን ስሟ ዘይነብ ቢባል ለምለም ቢባል መንደርተኛው ያውቃታል። ጥናቱ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የወንድምየው ጓደኛ ነገ ተማሪ ሆኖ ሊገልጠው ይችላል። እንግዲህ ተማሪዋ ምን ትለውጥ? በሬው ላም ቢሆን፣ ሦስቱ ዓመት አራት ቢሆን፣ ኮምቦልቻ ደሴ ቢሆን ጭብጡ አይነካም። ወንድሙ አጎት ቢሆን ግን ሴት ልጅ በወንድሟ ፊት «የእኔ ነው» ለማለት የምታፍርበት ነገር ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ወንድሙ ይቆይ፤ ሌላው ይለወጥ፤ መለወጡም በምዕራፍ ሦስት ይነገር። ይህም ካልበቃ ያ ጥቅስ ይቀራል፤ ሴትየዋ ለጠያቂዋ እንጂ ለወንድሟ አልተናገረችም።